ገንዘቡ ደርሷል፣ ሂሳቡ ግን አልተከፈለም

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ቆማችሁ የምትሰሙ ይቅርታ፣ ወንበር አልበቃንም። ብዙ አላቆያችሁም።

በአንድ ቅሬታ ልጀምር። የሞባይል ዋሌት የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ማስታረቅ ላይ ጥቂት ዓመታት ሰርቻለሁ። እዚያ እያለሁ በየቀኑ የሚመጣው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል፦ "የውሃ ከፍያለሁ። ገንዘቡ ተቆርጧል። ሜሴጅም ደርሶኛል። እነሱ ግን አልከፈልክም ይሉኛል።" ደንበኛው ይናደዳል፣ መናደዱም ልክ ነው። የውሃ ድርጅቱ ሰራተኛ ደግሞ ኮምፒውተሩን አይቶ "በዚህ ቁጥር የገባ ነገር የለም" ይላል። እሱም አልዋሸም። እኛ መዝገባችንን ስንከፍት ገንዘቡ ለድርጅቱ መድረሱ በግልጽ ተጽፏል። ሦስታችንም እውነት ተናግረናል፣ ሰውዬው ግን ውሃው ሊቆረጥበት ነው።

ዛሬ የማወራው ይህ እንዴት እንደሚሆን ነው። የሌላውን የዋሌት ጉዳይ ሁሉ ልተወው።

በዋሌት የመብራት ወይም የውሃ ስትከፍሉ ሁለት ቁጥር ታስገባላችሁ። አንደኛው የድርጅቱ ኮድ ነው፣ አጠር ያለች ቁጥር። ሁለተኛው የእናንተ መለያ ነው፣ አንዱ ጋ የደንበኛ ቁጥር ይባላል፣ ሌላው ጋ የውል ቁጥር፣ ሌላው ጋ ማጣቀሻ ቁጥር። አንዳንዱ ዋሌት ኮዱን ከአርማ ጀርባ ይደብቀዋል። የመብራት ድርጅቱን ምልክት ትነካላችሁ፣ ኮዱን ራሱ ይሞላላችኋል። ቢደበቅም አለ።

ሰዎች ሁለቱን ቁጥሮች እንደ አንድ አድራሻ ነው የሚያስቧቸው። ከተማ እና የቤት ቁጥር ዓይነት። ገንዘቡ መጀመሪያ ድርጅቱ ጋ ይሄዳል፣ ከዚያ እየተንከባለለ እኔ ስም ላይ ያርፋል ብለው ያምናሉ። እንደዚያ አይደለም። ገንዘቡ የሚሄደው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ድርጅቱ ዋሌቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ሂሳብ አለው፣ የሁሉም ደንበኛ ክፍያ እዚያው ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ትልቅ ጆንያ በሉት። የእናንተ ክፍያም፣ የማታውቁት ሰው ክፍያም፣ እዚያው ጆንያ ውስጥ ነው የሚወድቀው። የድርጅቱ ኮድ የሚለው "የትኛው ጆንያ" የሚለውን ብቻ ነው።

የደንበኛ ቁጥሩስ? እሱ ገንዘብ አያንቀሳቅስም። መልእክት ነው። ከገንዘቡ ጎን የሚላክ ወረቀት አድርጋችሁ አስቡት፣ "ይሄ የእገሌ ነው" ተብሎ የተጻፈበት። ድርጅቱ ወረቀቱን አንብቦ በራሱ መዝገብ፣ በራሱ ኮምፒውተር፣ ዕዳችሁን ይቀንሳል። ዋሌቱ ያንን መዝገብ አይነካውም፣ አያየውምም። ስለዚህ ገንዘቡ ጆንያው ውስጥ በሰላም ገብቶ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ቅድም ያልኳችሁ ሦስቱም እውነተኛ ሰዎች የሚጣሉት እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ኤምፔሳ ይህን ዓይነት ክፍያ ፔይቢል ይለዋል። ለድርጅቶች የሚልከው መልእክት ለፕሮግራመሮች በይፋ የተዘረዘረ ስለሆነ እሱን ልዋስ። ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው፣ የመስኮቹ ስም ግን የእሱ ነው።

```
"TransactionType": "Pay Bill",
"TransID": "QX41B7K2MN",
"TransAmount": "740.00",
"BusinessShortCode": "600000",
"BillRefNumber": "50927318"
```

`BusinessShortCode` የድርጅቱ ኮድ ነው። `BillRefNumber` እናንተ የጻፋችሁት የደንበኛ ቁጥር ነው። `TransID` ዋሌቱ ለዚህ ክፍያ ብቻ የሚሰጠው የግብይት ቁጥር ነው፣ ሌላ ክፍያ አይደግመውም። ስልካችሁ ላይ በሚመጣው ሜሴጅ ውስጥ ያለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ እሱ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ነገር ሲበላሽ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። የተሳሳተ የደንበኛ ቁጥር ብታስገቡ ማን ያስቆማችኋል?

የድርጅቱን ኮድ ብትሳሳቱ ዋሌቱ ራሱ ያያል። ዝርዝሩ እሱ ጋ ነው ያለው። ኮዱ ከሌለ "የለም" ይላል፣ ካለ የድርጅቱን ስም ከምስጢር ቁጥሩ በፊት ያወጣላችኋል። ውሃ ልከፍል ብላችሁ የኢንተርኔት ድርጅት ስም ከመጣ ታውቃላችሁ። ይህ ስህተት ብዙም አያስቸግርም።

የደንበኛ ቁጥሩ ነው ጣጣው። ዋሌቱ የውሃ ድርጅቱ ደንበኞች እነማን እንደሆኑ አያውቅም። ስለዚህ ወይ ድርጅቱን መጠየቅ አለበት፣ ወይ ቁጥሩን በመልኩ ብቻ መገመት አለበት፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ማሳለፍ። ሦስቱም ዓይነት በሥራ ላይ አለ። እናንተ ስልካችሁ ላይ ስታዩት ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱም አንድ ይመስላል። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ከመገመቱ ልጀምር፣ ደስ የሚል ነገር ስላለው።

ብዙ ድርጅት የደንበኛ ቁጥር ሲያወጣ የመጨረሻዋን አኃዝ በዘፈቀደ አይሰጥም። ከፊተኞቹ አስልቶ ነው የሚያስቀምጣት። ማረጋገጫ አኃዝ ትባላለች። በጣም የተለመደው ስሌት የሉን ቀመር ነው፣ ሃንስ ፒተር ሉን የሚባል የአይቢኤም ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 የፈጠራ መብት ያመለከተበት፣ በ1960 የተሰጠው። የባንክ ካርዳችሁ ቁጥር ላይም አለ። የአውስትራሊያው ቢፔይ፣ ይህን የድርጅት ኮድና የደንበኛ ማጣቀሻ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚጠቀመው፣ ማጣቀሻዎቹ ላይ ማረጋገጫ አኃዝ ያስቀምጣል።

እስቲ የቅድሙን ቁጥር እንሞክረው። 50927318። ባለ 8 አኃዝ ነው። ከግራ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን እጥፍ አድርጉ። እነሱም 5፣ 9፣ 7 እና 1 ናቸው። ሲታጠፉ 10፣ 18፣ 14 እና 2 ይሆናሉ። ባለ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱን አኃዞች ደምሩ፣ 10 ያው 1 ሆነ፣ 18 ደግሞ 9፣ 14 ደግሞ 5፣ 2 እንዳለ ነው። ድምሩ 17። ያልታጠፉት 0፣ 2፣ 3 እና 8 ናቸው፣ ድምራቸው 13። 17 እና 13 ሠላሳ። በአስር ያለ ቀሪ ይካፈላል። ቁጥሩ ጤነኛ ነው።

አሁን ጣታችሁ ሳተ እንበል፣ 7ን 1 አድርጋችሁ 50921318 ጻፋችሁ። የ7 ድርሻ 5 ነበር፣ የ1 ደግሞ 2 ነው። ድምሩ 27 ሆነ። በአስር አይካፈልም፣ ስልኩ እዚያው ማንንም ሳይጠይቅ "ቁጥሩ ትክክል አይደለም" ሊላችሁ ይችላል። ቀመሩ አንዲት አኃዝ ብቻ የተሳሳተችበትን ቁጥር በሙሉ ይይዛል፣ አንድም አያመልጠውም። ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡም አብዛኛውን ይይዛል። መጨረሻ አካባቢ ያሉትን 3 እና 1 አገላብጣችሁ 50927138 ብትሉ ድምሩ 32 ይመጣል፣ ተያዘ።

ግን አንድ ቀዳዳ አለው። 0 እና 9 ጎን ለጎን ሆነው ሲገላበጡ አያይም። በእኛ ቁጥር ውስጥ ደግሞ 09 አለ። 90 አድርጋችሁ 59027318 ጻፉት። የሚታጠፉት 5፣ 0፣ 7፣ 1 ሆኑ። ድርሻቸው 1፣ 0፣ 5፣ 2 ነው፣ ድምሩ 8። ያልታጠፉት 9፣ 2፣ 3፣ 8 ናቸው፣ ድምሩ 22። ሲደመር 30። ቀመሩ "ጤነኛ ነው" ብሎ ያሳልፋችኋል። ምክንያቱም ቀላል ነው፣ 9 ቢታጠፍም ባይታጠፍም ድርሻው 9 ነው፣ 0ም ያው 0።

ከዚህ ቀዳዳ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ቀመሩ ማወቅ የሚችለው ቁጥሩ በትክክል መጻፉን እንጂ የእናንተ መሆኑን አይደለም። የጎረቤታችሁን ቁጥር ከግድግዳ ላይ አንብባችሁ ያለ ምንም ስህተት ብታስገቡ ደስ ብሎት ያሳልፋል። ደግሞም ሁሉም ድርጅት ማረጋገጫ አኃዝ አይጠቀምም። አንዳንዱ በተራ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ እዚያ አንድ አኃዝ ብትስቱ ቀጥታ ሌላ ሰው ቤት ነው የምትገቡት።

እንግዲህ የሚያዋጣው ድርጅቱን መጠየቅ ነው። እናንተ ቁጥሩን ጽፋችሁ "ቀጥል" ስትሉ ዋሌቱ ገንዘቡን ከመንካቱ በፊት ለድርጅቱ ኮምፒውተር ጥያቄ ይልካል፦ እንዲህ የሚባል ደንበኛ አለህ? ድርጅቱ "አለ" ወይም "የለም" ይላል። ጥሩ ግንኙነት ያላቸው ደግሞ ስሙንና ዕዳውን ጨምረው ይመልሳሉ። ያኔ ስክሪናችሁ ላይ ስም ይወጣል፣ ለግላዊነት ሲባል ብዙ ጊዜ በከፊል ተሸፍኖ፣ "አል* ተ*" ዓይነት። ከሥሩ የወሩ ዕዳ ይመጣል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ካያችሁ ድርጅቱ ራሱ በቀጥታ ተጠይቆ እንደመለሰ ዕወቁ። ስም ሳይመጣ፣ መጠኑንም ራሳችሁ እንድትሞሉ ተጠይቃችሁ በቀጥታ ምስጢር ቁጥር አስገቡ ካላችሁ ግን ቁጥሩን ማንም ላያጣራው ይችላል። ያኔ አጣሪው እናንተ ናችሁ፣ አኃዝ በአኃዝ።

ይህ ጥያቄ ግዴታ አይደለም። በኤምፔሳ ለምሳሌ ድርጅቱ ካላስከፈተው በቀር ተዘግቶ ነው የሚቆየው። ሲከፈት ደግሞ ድርጅቱ አንድ ነገር እንዲመርጥ ይጠየቃል፦ ኮምፒውተርህ መልስ ሳይሰጥ ቢቀር ክፍያውን እናሳልፈው ወይስ እንሰርዘው? በመስኩ ቋንቋ `Completed` ወይስ `Cancelled`። የመጀመሪያውን የመረጠ ድርጅት፣ ሲስተሙ በወደቀበት ሰዓት ከሌለ ደንበኛ ስም ጋር እንኳ የመጣ ገንዘብ ይቀበላል። ገንዘብ መግባቱ እንዳይቋረጥ ነው የሚመርጡት። ጣጣውን ግን ሂሳብ ክፍሉ ነው የሚለቅመው፣ አውቀዋለሁ፣ ለቅሜዋለሁና።

አሁን አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልውሰዳችሁ። ሰዎቹን ለምሳሌ ነው የፈጠርኳቸው፣ መንገዱ ግን በየቀኑ ያየሁት ነው።

አንድ ልጅ ለእናቱ መብራት ይከፍላል። እናት በስልክ ቁጥሩን ታነብለታለች፣ "አምሳ፣ ዘጠና ሁለት፣ ሰባ ሦስት፣ አስራ ስምንት።" ልብ በሉ፣ 50 92 73 18 ነው ያለችው። እሱ ሲጽፍ 59 02 73 18 አደረገው። ቀመሩ አላየም። ድርጅቱ ተጠየቀ፣ 59027318 የሚባል ደንበኛ አለ፣ "አለ" አለ። ይህ ድርጅት ስም አይመልስም። ልጁ 740 ጻፈ፣ ምስጢር ቁጥሩን አስገባ፣ ሜሴጅ ደረሰው፦ "740 ለመብራት ድርጅት ለደንበኛ 59027318 ተከፍሏል።" ሜሴጁን ከፍቶ "ተከፍሏል" የሚለውን አየና ዘጋው። ሁላችንም እንደምናደርገው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናት ማስጠንቀቂያ መጣባት። ልጁ ዋሌቱ ጋ ደወለ፦ "ገንዘቤን መልሱልኝ።"

እዚህ ጋ ሰዎች የማይገባቸው ነገር አለ። ለተሳሳተ ስልክ ገንዘብ ብትልኩ ዋሌቱ ተቀባዩ ሳያወጣው ከደረሰ ሊያግደው ይችላል፣ ሁለቱም ሂሳብ እሱ ጋ ነው ያለው። ይህኛው ግን የተለየ ነው። በዋሌቱ ዓይን ምንም ስህተት አልተፈጠረም። ገንዘቡ ከልጁ ወጣ፣ ድርጅቱ ጆንያ ውስጥ ገባ፣ ያሰበውም እዚያው ነበር። ዋሌቱ በራሱ ሥልጣን ከጆንያው መልሶ ቢያወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይበላሻል፣ ምክንያቱም ድርጅቱ መልእክቱን አንብቦ የማያውቀውን ሰው ዕዳ በ740 ቀንሶለታል። ገንዘቡ ከጆንያው ወጥቶ ቅናሹ መዝገቡ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ዋሌቱ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ አይነካውም። "ድርጅቱን አነጋግሩ" ሲሏችሁ እያመላለሷችሁ ይመስላችኋል። እውነትም ብዙ ጊዜ እያመላለሷችሁ ነው። ግን በዚህ ጉዳይ ልክ ናቸው።

መፍትሔው ገንዘቡን መመለስ አይደለም። ድርጅቱ በራሱ መዝገብ ውስጥ 740ውን ከ59027318 አንስቶ ወደ 50927318 ማዛወር ነው ያለበት። ገንዘቡ ከጆንያው አይወጣም፣ የሚስተካከለው ወረቀቱ ነው። ለዚህ ድርጅቱ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የግብይት ቁጥሩን፣ ሜሴጁ ላይ ያለውን። በስህተት የተጻፈውን ቁጥር። ትክክለኛውን ቁጥር፣ ከደረሰኝ ወይም ከቢል ጋር። "በዚህ ቀን 740 ከፍዬ ነበር" ማለት አይጠቅምም፣ በዚያ ቀን 740 የከፈለ ሰው ብዙ ነው።

ልጁ ያስገባው ቁጥር ማንም ደንበኛ የሌለው ቢሆን ኖሮ፣ ድርጅቱም ሳይጠይቅ የሚቀበል ቢሆን፣ ገንዘቡ ባለቤቱ ያልታወቀ ክፍያ በሚቆይበት ሂሳብ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የሚገርመው፣ ያ ይሻላል። ማንም አልተጠቀመበትም፣ ባለቤቱን ብቻ ነው የሚጠብቀው። የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ስትሄዱ ያገኙታል። ካልሄዳችሁ ግን ማንም ፈልጎ አይመጣላችሁም፣ ስልካችሁን ቢያውቁም ለማን ልትከፍሉ እንደነበር አያውቁም።

አንድ ስለ ቢሉ ራሱ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቁጥር አለ፣ የደንበኛ ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር። ዋሌቱ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሆነ የሚወስነው ድርጅቱ ነው። አንዳንዱ ለደንበኛው የማይለወጥ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። አንዳንዱ ግን በየቢሉ አዲስ ማጣቀሻ ያወጣል፣ የያዝነው ወር ሌላ፣ የሚቀጥለው ወር ሌላ። ቢፔይ ላይ ሁለቱም ዓይነት አለ፣ ማጣቀሻው ውስጥ የክፍያውን መጠንና ቀን የሚያካትት እንኳ አለ። ስለዚህ ያለፈውን ወር ክፍያ "ድገም" ብሎ መንካት ቋሚ ቁጥር ላይ ጥሩ ነው፣ በየቢሉ በሚለወጥ ላይ ግን የተዘጋ ቢል ላይ እንደገና መክፈል ይሆናል። እንዴት ታውቃላችሁ? የሁለት ወር ቢል ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያልተለወጠው ቁጥር የእናንተ ነው፣ የተለወጠው የቢሉ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጣጣ ልሂድ፣ መልስ ወደሌለው ክፍያ።

ምስጢር ቁጥራችሁን አስገባችሁ። ስክሪኑ ዞረ፣ ዞረ፣ "በሂደት ላይ" አለና ቆመ። ገንዘቡ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ብዙ ሰው እዚህ ጋ እንደገና ይከፍላል። የተደገመ ክፍያ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ድርጅቶች መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርሳቸው አንዱን እንዲጥሉ ነው የሚሠሩት። ዋሌቱ መልሱን ሲያጣ ያንኑ መልእክት ደግሞ ሊልክ ይችላል፣ ግብይት ቁጥሩ ያው ስለሆነ ድርጅቱ "ይሄን አውቀዋለሁ" ብሎ ይተወዋል። እናንተ ተመልሳችሁ ስትከፍሉ ግን አዲስ የግብይት ቁጥር ይወጣል። ለኮምፒውተሩ ይህ ድግሞሽ አይደለም፣ ሁለተኛ ክፍያ ነው። በስህተት ሁለቴ የከፈለ ሰውን፣ አስቦ ተጨማሪ ካስቀመጠ ሰው የሚለይበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ አትንኩት። መጀመሪያ የዋሌታችሁን ቀሪ ሂሳብ እዩ። ካልተቀነሰ ክፍያው ገና አልሄደም፣ ቆይታችሁ ዝርዝሩ ላይ "አልተሳካም" ሲል እንደገና ትሞክራላችሁ። ከተቀነሰ፣ በክፍያ ዝርዝሩ ውስጥ የግብይት ቁጥር ፈልጉ። ካለ ገንዘቡ ሄዷል፣ የቀረው የድርጅቱ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ቢዘገይ እንኳ በቀኑ መጨረሻ ዋሌቱና ድርጅቱ የቀኑን ክፍያ ዝርዝር ያመሳክራሉ፣ የእኔ ስራ እሱ ነበር። እኛ ጋ ኖሮ እነሱ ጋ የሌለ ክፍያ ያኔ ይወጣል፣ መልእክቱ ይላክላቸዋል፣ ሂሳቡ ይስተካከላል። ውሃው ወይም መብራቱ የሚቆረጥበት ቀን ካልደረሰባችሁ በቀር አንድ የሥራ ቀን መታገስ ሁለቴ ከመክፈል ይሻላል። ሁለቴ ከከፈላችሁም አትደንግጡ፣ ቢሉ የድህረ ክፍያ ከሆነ ትርፉ ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ወር ይቀመጥላችኋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድህረ ክፍያ ነው። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባችኋል። እዚያ የምታስገቡት የቆጣሪ ቁጥር ነው፣ የሚመጣላችሁ ደግሞ ባለ 20 አኃዝ ቶክን፣ ቆጣሪው ላይ የምትጽፉት። ኤስቲኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠሩ ቆጣሪዎች ቁጥሩ ባለ 11 ወይም ባለ 13 አኃዝ ነው፣ የመጨረሻዋም በዚያው በሉን ቀመር የተሰላች ናት። ቶክኑ የተቆለፈው ለዚያ ቆጣሪ ብቻ ነው። የጎረቤት ቆጣሪ ቁጥር ካስገባችሁ ቶክኑ ለእናንተ ስልክ ይመጣል፣ የእናንተ ቆጣሪ ግን አይቀበለውም። ጎረቤቱ ደግሞ ቶክኑ አልደረሰውም። እናንተ እጅ ያለ፣ ለእሱ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው። ጎረቤታችሁን ካወቃችሁት ነገሩ ቀላል ነው፣ ቶክኑን ሰጥታችሁት ገንዘባችሁን ትቀበላላችሁ። ከዚህ ዓይነት ስህተት በሰላም የሚወጣው ይህ ብቻ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ሁለት ጥያቄ ተጠይቄ ነበር፣ እነሱንም ልጻፋቸው።

አንዲት እህት "ስክሪንሾት ይበቃል ወይ?" አለችኝ። ይበቃል፣ ግን ሜሴጁን ራሱን አታጥፊው። ስክሪንሾት ላይ O እና 0 ይመሳሰላል፣ የግብይት ቁጥር ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ መላክ ይሻላል። በስህተት የተነበበ የግብይት ቁጥር ይዘው መጥተው "የለም" የተባሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ለካ ነበረ።

ከኋላ ቆሞ የነበረ አንድ ወጣት ደግሞ ስለዚያ 740 የተቀነሰለት ሰው ጠየቀኝ። "እሱስ? ደስ ብሎት ተቀመጠ?" አለ። ሰውዬው ምናልባት ዕዳው ቀንሶ ሲያይ ባለፈው ወር ትርፍ ከፍዬ ነበር ብሎ አስቦ ይሆናል። ድርጅቱ 740ውን ወደ ትክክለኛው ደንበኛ ሲያዛውር የእሱ ዕዳ ተመልሶ ብቅ ይላል፣ ያለ ማብራሪያ፣ አንዳንዴ ከማስጠንቀቂያ ጋር። ከዚያ እሱም ቢሉን ይዞ መስኮቱ ጋ ይመጣል። "ተከፍሎ ነበር እኮ" ይላል። እሱም አልዋሸም።